«ሲ»ን ሁሉ «ቢ» አታድርጉት

ከስፔን የሚመጣ የፖለቲካ ዜና ወደ አማርኛ ሲገባ አንድ ነገር በየጊዜው መንገድ ላይ ይቀራል። የሚቀረው ስም ወይም ቁጥር አይደለም፤ ተናጋሪው ከተናገረው ነገር ምን ያህል ርቆ እንደቆመ የሚያሳየው ክፍል ነው። ያስፈራራው ሰው የተመኘ ይመስላል። የከሰሰው የገመተ ይመስላል። «አልሆነም» ብሎ የካደው ደግሞ «ሊሆን ይችላል» ያለ ይመስላል። እኛም ያንን ይዘን አስተያየት እንሰጣለን፣ እንከራከራለን፣ ወገን እንለያለን።

የጣጣው መነሻ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ስፔኖች «ሲ» ይሏታል። በእግር ኳስና በፊልም የለመድነው፣ «አዎ» ማለት የሆነው «ሲ» ሌላ ነው፤ እሱ ሲጻፍ በአናቱ ላይ ጭረት አለው። ጭረት የሌላት «ሲ» ግን ሁኔታ የምታስቀምጥ ናት፤ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ለማለት የምትገባዋ። የእኛ ተርጓሚ ባገኛት ቁጥር «ቢ» ያደርጋታል፦ «ቢያውቅ»፣ «ቢቀጥል»፣ «ባይፈጽም»። እኔ ይህ ልማድ ስንፍና ነው እላለሁ። ምክንያቱም «ሲ» ብቻዋን ምንም አትፈርድም። ፍርዱን የሚሰጠው ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ነው፤ ግሡን ያላየ ዐረፍተ ነገሩን አላየም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሚኒስትር በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ሲባክን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚል ክርክር ማድሪድ ውስጥ ተነሣ እንበል። ሦስት ሰዎች ማይክ ፊት ቆሙ።

የመጀመሪያዋ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ናት። «ሲ ሎ ሳቢያ፣ ዴቤ ዲሚቲር» አለች። «ሳቢያ» ተራ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ነው፤ «ያውቅ ነበር» ማለት ነው። ሴትዮዋ ማወቁንም አለማወቁንም አልወሰነችም፣ በሩን ክፍት ትታዋለች። በአማርኛ «ያውቅ ከነበረ ሥልጣኑን መልቀቅ አለበት» ነው የሚሆነው። ይህ ክስ ነው። ማስረጃ ከተገኘ ሚኒስትሩ አለቀለት።

ሁለተኛው የሚኒስትሩ ወዳጅ ነው። «ሲ ሎ ሱፒዬራ፣ ዲሚቲሪያ» አለ። ግሡ ያው «ማወቅ» ነው፤ መልኩ ግን ተለውጧል። በዚህ መልኩ ሲመጣ ተናጋሪው «እኔ እንደማምነው ነገሩ እንዲህ አይደለም» እያለ ነው። በአማርኛ «ቢያውቅ ሥልጣኑን ይለቅ ነበር»፤ ማለትም እስካሁንም አያውቅም።

ሦስተኛው ቃል አቀባዩ ነው። «ሲ ሎ ኡቢዬራ ሳቢዶ፣ አብሪያ ዲሚቲዶ» ብሎ ዘጋው። «ዐውቆ ቢሆን ኖሮ በለቀቀ ነበር»። አላወቀም፣ አልለቀቀም፣ ጉዳዩ ያለፈ ነው።

አንዷ ከሰሰች፣ አንዱ ተከላከለ፣ አንዱ ፋይል ዘጋ። የእኛ ርዕስ ግን ለሦስቱም አንድ ነው የሚሆነው፦ «ሚኒስትሩ ቢያውቅ ሥልጣን ይለቃል ተባለ»። ይህ የማን አቋም ነው? የማንም። ከሦስቱ አንዳቸውም እንዲህ አላሉም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የእንግሊዝኛ ድልድይ ነው። ከስፔንኛ በቀጥታ የሚተረጉምልን ሰው ጥቂት ስለሆነ ዜናው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይመጣል። እንግሊዝኛ ደግሞ ለከሳሿም ለወዳጁም «ኢፍ ሂ ኒው» የሚል አንድ ቅርጽ ነው ያለው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቀጥሎ በሚመጣው ሐረግ ነው። ርዕስ ሠሪው ያንን ሐረግ ሲቆርጠው ልዩነቱም አብሮ ይቆረጣል። ስፔንኛ ግን ልዩነቱን እዚያው «ሲ» አጠገብ ያስቀምጠዋል፦ «ሳቢያ» ካለ ክፍት ነው፣ «ሱፒዬራ» ካለ ተናጋሪው ርቆ ቆሟል። የሚያናድደው ነገር አማርኛም ይህን መለየት መቻሉ ነው። «ያውቅ ከነበረ» እና «ቢያውቅ … ነበር» ለማንኛችንም አንድ አይደሉም። ሀብታም ከሆነ ቋንቋ ወደ ሀብታም ቋንቋ ስንሻገር ድሃ በሆነ ድልድይ እናልፋለን፤ በዚህች ነጥብ ላይ እንግሊዝኛ ድሃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በየቋንቋ ማስተማሪያው የሚዞረው ባለ ሦስት ሣጥን ሰንጠረዥ ነው። ሣጥን አንድ፦ እውነተኛ ሁኔታ፣ በአሁን ጊዜ ግሥ። ሣጥን ሁለት፦ ምናባዊ ሁኔታ፣ በ«ራ» መልክ። ሣጥን ሦስት፦ የማይቻል ያለፈ ሁኔታ፣ በ«ኡቢዬራ»። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተና ያልፋል። ዜና ሲያገኝ ግን ይሰናከላል፤ ምክንያቱም የከሳሿ ዐረፍተ ነገር ከሦስቱ ሣጥኖች በአንዱም ውስጥ የለም። «ሳቢያ» ኃላፊ ነው፣ ሁኔታው ግን ክፍት ነው። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ኃላፊ ግሥ ስላየ ወደ ሣጥን ሁለት ይወረውረዋል። ክሱም እዚያው ምናባዊ ሆኖ ይሞታል።

የሣጥኖቹ ስምም ራሱ ያሳስታል። «ምናባዊ» የተባለው ሁለተኛው ሣጥን ስለ ዓለም ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ነው የሚናገረው። የአንድ ፓርቲ መሪ «ሲ ፔርዲዬራ ላስ ኤሌክሲዮኔስ፣ ዲሚቲሪያ» ሲል፣ «በምርጫው ብሸነፍ ሥልጣን እለቅ ነበር» ማለቱ ነው። መሸነፉ ግን የማይቻል ነገር አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊሸነፍ ይችላል። እሱ ግን ሽንፈቱን ከራሱ አርቆ ማስቀመጥ መርጧል። ያው ሰው «ሲ ፒዬርዶ፣ ዲሚቶ» ቢል፣ ማለትም «ከተሸነፍኩ እለቃለሁ»፣ ቃል ገባ ማለት ነው። የምርጫው ሁኔታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው የገባው ግዴታ ነው። ጋዜጠኛ መያዝ ያለበት ይህን ነው።

ከምናብ ወጥተን ወደ እውነተኛው ታሪክ እንሂድ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 መኸር ስፔንና ካታሎኒያ የተፋጠጡበት ወር፣ ስለ «ሲ» ማወቅ ያለብንን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዟል።

የስፔን የ1978 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 155 የሚከፈተው በ«ሲ» ነው። አንድ ራስ ገዝ ማኅበረሰብ ግዴታውን የማይወጣ ወይም የአገሪቱን አጠቃላይ ጥቅም በከባድ ሁኔታ የሚጎዳ ተግባር የሚፈጽም ከሆነ፣ ማዕከላዊው መንግሥት መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን ይጠይቃል። ካልተሰማ ደግሞ በሴኔቱ ፍጹም አብላጫ ድምፅ አስፈላጊውን እርምጃ ሊወስድ ይችላል ይላል። እስከዚያ ዓመት ድረስ አንቀጹ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም ነበር።

አሁን ግሡን ተመልከቱ። ጽሑፉ «ሲ … ኖ ኩምፕሊዬሬ» ነው የሚለው። «ኩምፕሊዬራ» አይደለም። በእኛ ፊደል ልዩነቱ የመጨረሻው ፊደል «ሬ» ወይስ «ራ» የሚለው ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር ነው። በ«ራ» ቢሆን «ግዴታውን ባይፈጽም …» የሚል ሩቅ ግምት ይሆን ነበር። በ«ሬ» የሚያልቀው ቅርጽ ግን ዛሬ ከዕለት ንግግር ወጥቶ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ የቀረ ጥንታዊ የወደፊት ጊዜ መልክ ነው። የሚለው «ይህ የተፈጠረ ዕለት፣ መቼም ይሁን መቼ» ነው። ሩቅ ነገር አያልምም፣ ወጥመድ አጥምዶ ይጠብቃል። የሦስት ሣጥኑ ሰንጠረዥ ስለዚህ ቅርጽ አንድ ቃል አይናገርም፤ ሰንጠረዡን የያዘ ሰው «ኩምፕሊዬሬ»ን ሲያይ ከ«ኩምፕሊዬራ» ጋር ያምታታዋል።

አማርኛ ለዚህ ቦታ የተዘጋጀ ቃል አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የገለጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ «… የሆነ እንደሆነ»፣ «… ያልፈጸመ እንደሆነ»። ይህ የሕግ አማርኛ ነው፤ ቡና እየጠጣን አንናገረውም፣ ዳኛ ፊት ግን ክብደት አለው። የስፔኑ «ኩምፕሊዬሬ» ትክክለኛ ጓዱ ይህ ነው። «ግዴታውን ያልፈጸመ እንደሆነ» ብሎ መተርጎም እየተቻለ «ባይፈጽም» ብሎ መጻፍ፣ የሕግ አንቀጽን ወደ ወግ ማውረድ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የስፔን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያገደው ሕዝበ ውሳኔ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ተካሄደ (በዚህ ክፍል ያሉት ቀናት ሁሉ በፈረንጅ ኦክቶበር ናቸው)። በ10ኛው ቀን የካታሎኒያ ፕሬዚዳንት ካርሌስ ፑጅዴሞን ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ፣ የነጻነት ውክልናውን ተቀብያለሁ፣ ግን ለውይይት ሲባል ውጤቱ ይታገድ አለ። ታዲያ ነጻነት ታውጇል ወይስ አልታወጀም? ማንም እርግጠኛ አልነበረም። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪያኖ ራኾይ በአንቀጽ 155 መሠረት ታውጆ እንደሆነና እንዳልሆነ ግልጽ አድርግልኝ የሚል ጥያቄ ላከ። እዚህም ስፔንኛው «ሲ» ነው የሚለው፤ ይህችኛዋ ግን ሁኔታ አታስቀምጥም፣ «ወይስ አይደለም» ብላ ትጠይቃለች። በአማርኛ «መሆን አለመሆኑን» ነው፤ «ቢ» እዚህ ቦታ የላትም።

በ16ኛው ቀን የመጣው መልስ አዎም አይደለምም አላለም። በ19ኛው ቀን ፑጅዴሞን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ዋና ዐረፍተ ነገር በ«ሲ» የተገነባ ነው። መንግሥት ውይይትን ማገዱንና ጭቆናውን «ሲ … ፔርሲስቴ»፣ የካታሎኒያ ምክር ቤት ተገቢ ነው ብሎ ካመነ በ10ኛው ቀን ድምፅ ያልሰጠበትን የነጻነት አዋጅ ለድምፅ ማቅረብ «ፖድራ»፣ ማለትም «ይችላል»፣ ይላል።

ይህን በግሦቹ እንፍታው። «ፔርሲስቴ» ተራ የአሁን ጊዜ ነው፤ ሰውየው ርቆ አልቆመም። «ፖድራ» ተራ የወደፊት ጊዜ ነው። ስለዚህ «መንግሥት በዚህ ከቀጠለ ምክር ቤቱ ድምፅ መስጠት ይችላል» ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ዛቻ ነው። «ፔርሲስቲዬራ» እና «ፖድሪያ» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ «ቢቀጥል ምናልባት ምክር ቤቱ … ይችል ነበር» የሚል ለስላሳ ነገር፣ መውጫ በር ያለው ዐረፍተ ነገር ይሆን ነበር። እሱ አልመረጠውም። «ቢቀጥል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ያንን ያልተመረጠ ዐረፍተ ነገር በፑጅዴሞን አፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ራኾይ የጠየቀው «ታውጇል ወይስ አልታወጀም?» ነበር። መልሱ በዚያው ዐረፍተ ነገር ጓዳ ውስጥ፣ ያለ «ሲ»፣ በተራ ኃላፊ ግሥ ተቀምጧል፦ በ10ኛው ቀን ድምፅ «ያልተሰጠበት» አዋጅ። ሰውየው ያለፈውን በቁርጥ አመነ፣ የወደፊቱን ግን በሁኔታ ላይ አንጠለጠለ። አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምላሽም ዛቻም አለ። ማድሪድ ዛቻውን አነበበ፤ በዚያው ቀን በአንቀጽ 155 እንደሚገፋበት አስታወቀ። በ27ኛው ቀን የካታሎኒያ ምክር ቤት ነጻነትን አወጀ፣ ሴኔቱም አንቀጽ 155ን አጸደቀ። ራኾይ የካታሎኒያን ምክር ቤት በትኖ ለዲሴምበር 21 ምርጫ ጠራ።

አሁን ሦስተኛው ሣጥን ይመጣል፤ የማይቻለው ያለፈ። ከዚያ አንድ ቀን በፊት፣ በ26ኛው ቀን፣ ፑጅዴሞን ራሱ ምርጫ ይጠራል ተብሎ አገር ሁሉ ይጠብቅ ነበር። መግለጫው ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ፤ በመጨረሻ ዋስትና ስላላገኘሁ አልጠራም አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በስፔን የሻይ ቤት ክርክር ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ሲ ኡቢዬራ ኮንቦካዶ ኤሌክሲዮኔስ …»፣ «ምርጫ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ …»። ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ተናጋሪው ነው። አንዱ «155 ባልመጣበት ነበር» ይላል፤ ሌላው «ያም ሆኖ በመጣበት ነበር» ይላል።

ይህን ቅርጽ በጥንቃቄ ማንበብ የሚያስፈልገው ሁለት ዕቃ በአንድ ከረጢት ስለሚያቀብል ነው። የመጀመሪያው ዕቃ እውነት ነው፤ ምርጫ አልተጠራም። ይህን ማንም ያረጋግጣል። ሁለተኛው ዕቃ ግን «ከተጠራ ይህ ይከተል ነበር» የሚል ነው፤ ይህን ማንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም ያ ቀን ሁለት ጊዜ አይመጣም። ፖለቲከኛ ይህን ቅርጽ የሚወደው በመጀመሪያው እውነት ጀርባ ሁለተኛውን ግምት ስለሚያሳልፍበት ነው። «ኖሮ»ን የጣለ ትርጉም፣ «ምርጫ ቢጠራ 155 አይመጣም» የሚል፣ የመጀመሪያውን እውነት ራሱን ያጠፋዋል። አንባቢው ምርጫው ገና ሊጠራ ይችላል ብሎ ያስባል። ያለፈውን ሙግት የነገ ዜና አደረግነው ማለት ነው።

«ሰው እኮ ከዐውዱ ይረዳል» የሚሉኝ ይኖራሉ። እዚያው ያለ፣ ክርክሩን ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው ይረዳ ይሆናል። እኛ ግን ዐውዱን የምናገኘው ከዚያው ከተበላሸው ትርጉም ነው። የ«ቢ»ን ጠባይም እናውቃለን፤ «ቢመጣ ንገረው» ስንል ክፍት ነው፣ «ቢመጣ ደስ ባለኝ» ስንል ደግሞ መምጣቱን ተጠራጥረናል። ራሷ ሁለት ልብ ያላት ቃል ስለሆነች ነው ለሁሉም መክደኛ መሆን የሌለባት።

«ግሡን ማየት በቂ ከሆነ ቅርጹን ሸምድዶ መተርጎም ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ፤ ቅርጹ አንዳንዴ ራሱ ይዋሻል። ስፔኖች የማይሆን ቦታ ሄደው ሲጸጸቱ «ሲ ሎ ሴ፣ ኖ ቤንጎ» ይላሉ። ቃል በቃል «ካወቅኩ አልመጣም» ነው፤ ሁለቱም ግሥ በአሁን ጊዜ። ትርጉሙ ግን «ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» ነው፤ ሙሉ በሙሉ የማይቻለው ያለፈ። በ1980ዎቹ የስፔን ቴሌቪዥን አንድ የጥያቄና መልስ ዝግጅት በዚህ ስም ነበረው፤ አባባሉ ያን ያህል የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የሚለየው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ተናጋሪው አሁን እዚያ ነው ወይስ አይደለም? እዚያ ቆሞ «አልመጣም» የሚል ሰው ስለ ነገ ሊናገር አይችልም። ይህ መልክ ግን የአፍ ንግግር ነው፤ በደብዳቤና በሕግ ውስጥ አታገኙትም።

ስለዚህ ለሚተረጉሙልን የምለው ይህ ነው። «ሲ»ን ስታዩ ቀጥሎ ያለውን ግሥ ሳታነቡ አማርኛ አትጻፉ። ተራ የአሁን ወይም ተራ የኃላፊ ግሥ ከሆነ በሩ ክፍት ነው፤ «ከ» ትበቃለች፦ «ከቀጠለ»፣ «ያውቅ ከነበረ»። በ«ራ» ወይም ወንድሙ በሆነው በ«ሴ» ካለቀ ተናጋሪው ርቆ ቆሟል፤ «ቢ» እዚህ ነው ቦታዋ፣ መደምደሚያውም «ነበር»ን ይፈልጋል። «ኡቢዬራ» ካለ «ኖሮ»ን እንዳትጥሉ። ሕግ ውስጥ በ«ሬ» ካለቀ «እንደሆነ»ን አውጡ።

እንግሊዝኛውን ብቻ ያገኘ ደግሞ ርዕሱን አይመን፤ ዋናውን ሐረግ ሙሉ ያንብብ። ሐረጉ ተቆርጦ ከቀረበለትና መለየት ካልቻለ፣ በራሱ ግምት «ቢ» ከሚለጥፍ ዐረፍተ ነገሩን ይተወው። ዛቻን ምኞት አድርጎ ከማቅረብ አለማቅረብ ይሻላል፤ ያልቀረበ ዜናን ነገ ማንበብ ይቻላል፣ የተጣመመውን ግን ነገ እኛው ራሳችን እየጠቀስን እንከራከርበታለን።